ቲቢና ኤችአይቪን በአንድ ጊዜ የሚታከም ሰው በቤት ውስጥ እንዴት ይደገፋል፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሽግግር

ታማሚ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ብዙ ሰው «ሰለቸው» ይላል። በቲቢ ክሊኒክ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ግን ከዚህ ለየት ያለ ነው። ኪኒን በብዛት የሚዘለለው አንድ ነገር በሚቀየርባቸው ቀኖች ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት ሲጨመር፣ የኪኒኑ መልክ ሲለወጥ፣ የቀጠሮው ቀን ከበዓል ጋር ሲጋጭ፣ ሰውየው ሥራ ሲቀይር ወይም «ዳንክ» ሲባል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚደግፍ ሰው ዋና ሥራው በየቀኑ መጎትጎት ሳይሆን እነዚህን የለውጥ ቀኖች አስቀድሞ አውቆ መጠበቅ ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው በተለመደው መድኃኒት የሚድን የሳንባ ቲቢ ያለበትንና ኤችአይቪ በደሙ የተገኘበትን አዋቂ ሰው ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ የሕፃናት ሕክምናና የማጅራት ገትር ቲቢ የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው እዚህ አልነካቸውም። ነገሩ እንዲጨበጥ ለምሳሌ አንድ ታማሚ ይዘን እንሂድ፤ የ34 ዓመት፣ 46 ኪሎ የሚመዝን፣ በሌሊት ጥበቃ የሚተዳደር ሰው፣ የምትደግፈውም አብራው የምትኖር ታናሽ እህቱ።

መጀመሪያ፦ የሕክምናውን ቀኖች በወረቀት ላይ ማውጣት

የቲቢው ሕክምና ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉት አራት መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን ተጣምረው ለ56 ቀን ይወሰዳሉ። በሁለተኛው ክፍል ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ብቻ ለ112 ቀን ይቀጥላሉ። የኪኒኑ ብዛት በክብደት ይወሰናል፤ ከ40 እስከ 54 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ሦስት ኪኒን በአንድ ጊዜ ይውጣል። ክብደቱ እያደገ 55 ከደረሰ ቁጥሩ ሊጨምር ስለሚችል በየቀጠሮው መመዘን የይስሙላ ሥራ አይደለም።

የእኛ ታማሚ ቲቢውን ሰኔ 10 ጀመረ እንበል። 56ኛው ቀን ነሐሴ 5 ይውላል፤ ነሐሴ 6 ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሻገራል። ከዚያ 112 ቀን ስንቆጥር፣ አምስቱን የጳጉሜን ቀኖች ጨምረን፣ የመጨረሻው የቲቢ ኪኒን ኅዳር 22 ይወሰዳል። የፀረ ኤችአይቪው መድኃኒት ደግሞ የቲቢው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀመራል፤ ለእርሱ ሰኔ 22 ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ። ዛሬ በኢትዮጵያ አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተጣመሩበትን በቀን አንድ ኪኒን ነው። ነገር ግን የቲቢው ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ዶሉቴግራቪርን ከደም ቶሎ እንዲወገድ ያደርገዋል። ስለዚህ ቲቢ የሚታከም ሰው ጠዋት ጥምሩን ኪኒን፣ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ማታ ደግሞ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ለብቻው እንዲወስድ ይደረጋል። ይህ የማታ ኪኒን የቲቢው መድኃኒት ካበቃ በኋላም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል፤ የሪፋምፒሲን ተጽዕኖ በአንድ ጀምበር አይጠፋምና። በእኛ ታማሚ አቆጣጠር እስከ ታኅሣሥ 6 ማለት ነው።

እህቱ እነዚህን አምስት ቀኖች፣ ማለትም ሰኔ 10፣ ሰኔ 22፣ ነሐሴ 6፣ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6ን፣ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ምንም ቃል ሳትጽፍ ብታከብባቸው ይበቃል። ትርጉማቸውን ለራሷ በደብተር ትያዝ። ቀኖቹን ለክሊኒኩ ባለሙያ አሳይታ ማረጋገጥ አለባት፤ በመሐል ሕክምናው በሐኪም ትእዛዝ ከተቋረጠ ሁሉም ቀን ወደፊት ይገፋልና።

ማን ምን እንደሚያውቅ መወሰን

ለቲቢው ሕክምና ደጋፊ ሆኖ መመዝገብ ስለ ኤችአይቪው ለማወቅ ፈቃድ አይሰጥም። ታማሚው ራሱ እስካልነገረ ድረስ ባለሙያውም አይነግርም፤ ደጋፊውም አይመረምርም። በሌላ በኩል አንድ ሰው ቲቢውን ብቻ የሚያውቅ ደጋፊ ካለው የማታው ኪኒን ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ታማሚውን ለብቻው አስቀምጦ «ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው ማን ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚመረጠው ሰው የግድ የትዳር ጓደኛ ወይም ታላቅ ወንድም መሆን የለበትም። በየቀኑ የሚያገኘውና ምስጢር የሚችል ጎረቤት ከሩቅ ወንድም ይበልጣል።

ቤተሰቡ ግን ቲቢውን ማወቁ ይጠቅማል፤ አብረው የሚኖሩት ሁሉ መመርመር አለባቸው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ባይታመሙም መከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይገባል። በትክክል መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ ሰሐንና ብርጭቆ መለየት ከመጀመሪያውም ጥቅም አልነበረውም። መስኮት መክፈት ነው የሚረዳው።

ሰዓቱን ከሰውየው ኑሮ ጋር ማግባባት

የቲቢው ኪኒን በባዶ ሆድ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ማቅለሽለሹ ከበረታ በጥቂት ዳቦ ወይም በአጥሚት መውሰድ ኪኒኑን ከመተው እጅግ ይሻላል። ሦስቱ ኪኒኖች በአንድ ጊዜ ይዋጣሉ፤ «አንዱን ጠዋት አንዱን ቀትር አንዱን ማታ» ማለት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊደርስበት ከሚገባው መጠን እንዳይደርስ ያደርጋል።

የስልክ ማስታወሻ ሲሞላ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። የእኛ የጠዋቱ 1 ሰዓት በስልኩ ላይ 07:00፣ የማታው 1 ሰዓት ደግሞ 19:00 ነው። አንድ እናት ልጃቸው በስልኩ 1:00 ብሎ ስለሞላላቸው ለሳምንት ያህል ከሌሊቱ 7 ሰዓት እየተነሡ ኪኒን ሲውጡ እንደከረሙ ሲነግሩኝ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ስንት ሰው እንዲሁ ደንግጦ ማስታወሻውን ጭራሽ እንዳጠፋው አሰብኩ። ደጋፊው ማስታወሻውን ራሱ ሞልቶ ሁለት ቀን ሲጠራ መስማት አለበት። ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው ቃልም «ውኃ ጠጣ» ወይም «ሞባይል ቻርጅ» ይሁን እንጂ የመድኃኒት ስም አይሁን፤ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሊጠራ ይችላል።

በሳምንት አንድ ቀን መቁጠር፤ ጥፋት ለመያዝ ሳይሆን ቦታውን ለማግኘት

«ወስደሃል?» የሚለው ጥያቄ «አዎ» ከሚለው መልስ ሌላ የሚያመጣው የለም። ቆጠራ ግን ይናገራል። ቆጠራው በድብቅ ከሆነ መተማመንን ስለሚያፈርስ ከመጀመሪያው ተስማምተው፣ በታወቀ ቀን፣ አብረው ይቁጠሩ፤ ሁለቱ ብልቃጦችም ለየብቻ ይቆጠሩ።

የእኛ ታማሚ ሰኔ 22 ሁለት ብልቃጥ ተቀበለ፤ በአንዱ 30 ጥምር ኪኒን፣ በሌላው 30 ዶሉቴግራቪር። ሐምሌ 10 ቀትር ላይ ከእህቱ ጋር ቆጠሩ። ከሰኔ 22 እስከ ሐምሌ 10 ያሉት ጠዋቶች 19 ናቸውና ከጥምሩ 11 ኪኒን መቅረት ነበረበት፤ 11 ቀርቷል። ማታዎቹ ግን እስከ ሐምሌ 9 ድረስ 18 ናቸው፤ ስለዚህ ከዶሉቴግራቪሩ 12 መቅረት ሲገባው 19 ተገኘ። ሰባት ማታ ተዘልሏል።

ይህን ሰው «ቸልተኛ» ማለት ስህተት ነው፤ ጠዋት አንድም አልሳተም። ችግሩ በማታው ላይ ብቻ ስለሆነ ጥያቄውም «ለምን አልወሰድክም?» ሳይሆን «ማታ 1 ሰዓት ላይ የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ?» መሆን አለበት። መልሱ ቀላል ሆነ፤ የሥራ ፈረቃው የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው፣ በሩ ላይ ከሌላ ጠባቂ ጋር ይቀመጣል፣ ብልቃጡ ሲንኳኳ ጓደኛው «ምንድን ነው?» ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ቤት እየተወው ይሄዳል።

መፍትሔውም ከመልሱ ይወጣል። ከቤት የሚወጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ የማታው ኪኒን 12 ሰዓት ከሩብ፣ በስልኩ 18:15፣ እንዲሆን ከክሊኒኩ ጋር ተስማሙ። ጠዋት ከሥራ ተመልሶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የቲቢውንና ጥምሩን ኪኒን ይወስዳል። ልዩነቱ በትክክል 12 ሰዓት አልሆነም፤ በቀኑ በኩል ከ11 ሰዓት ትንሽ ያንሳል፣ በሌሊቱ በኩል ከ13 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ይህ ልዩነት ሰባት ማታ ከመዝለል ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ቆጠራ አንድም አልጎደለም።

በፀረ ኤችአይቪ ክትትል ከ30 ኪኒን እስከ ሁለት መሳት አሁንም ጥሩ ይባላል፤ ከሦስት እስከ አምስት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ደካማ ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው መቼ ለክሊኒኩ መንገር እንዳለብን ለማወቅ ነው፤ ሦስት ከተዘለለ የሚቀጥለውን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። ብልቃጥ ሲፈተሽ አንድ ነገር ይታወስ፤ ኪኒኖቹን ለድምፁ ሲባል ወደ ወረቀት ወይም ፌስታል ገልብጦ ማስቀመጥ በክረምት እርጥበት ያበላሻቸዋል። ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ መጨመር ድምፁን ያጠፋል፤ ከፋብሪካው የመጣውን እርጥበት መምጠጫ ግን አያውጡ።

ኪኒን ሲረሳ

የቲቢው ኪኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ወዲያው ይወሰዳል፤ ቀኑ ካለፈ የነገው መጠን ብቻ ይወሰዳል እንጂ አይደረብም። የተዘለሉት ቀኖች ይመዘገባሉ፤ መጨረሻ ላይ ተጨምረው እንዲሞሉ የሚወስነው ክሊኒኩ ነው። የማታው ዶሉቴግራቪር በታወሰበት ሰዓት ይወሰዳል፤ ቀጣዩ መጠን ሊደርስ ከአራት ሰዓት በታች ከቀረው ግን ያለፈው ይተዋል። ቲቢን ለተከታታይ ሁለት ወር ያቋረጠ ሰው በመዝገቡ ላይ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለሰው እንደ አዲስ ተመርምሮ ነው። ቤተሰብ ግን ሁለት ወርን እንደ ገደብ ማየት የለበትም፤ ከሁለት ቀን በላይ ከተዘለለ ለጤና ጣቢያው ወይም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነገር።

የጎንዮሽ ጉዳቶች፤ የትኛው ይጠብቃል፣ የትኛው አይጠብቅም

በመጀመሪያው ቀን ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ፤ ሽንት፣ ላብና እንባ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ይሆናሉ። ይህ የሪፋምፒሲን ቀለም እንጂ ደም አይደለም። ያልተነገረው ሰው ሲያየው ኩላሊቱ የፈረሰ መስሎት በሁለተኛው ቀን ያቆማል።

በእውነት የሚያስፈራው ጉበት ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ምልክቱም ተራ ማቅለሽለሽ ይመስላል። ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ተራው ማቅለሽለሽ ኪኒኑ ከተወሰደ በኋላ መጥቶ ቀትር ላይ ይለቃል፤ የጉበቱ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ምግብ ጭራሽ ያስጠላል፣ ከቀኝ ጎድን አጥንት በታች ያምማል። ሁለተኛ፣ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ ይህም በአምፖል ብርሃን ስለማይለይ ጠዋት ደጅ ወጥቶ ማየት ይገባል። ሦስተኛ፣ ሽንቱ ከተለመደው ብርቱካናማ አልፎ ጥቁር ሻይ ይመስላል። ትውከቱ ካልቆመ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቀጣዩ የቲቢ መጠን ሳይወሰድ፣ የሚወስዳቸው ኪኒኖች በሙሉ ተይዘው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

ይህን የምደጋግመው ምክንያት ስላለኝ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይልካል፤ በተጎዳ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ወይም ቅጠል ተጨምሮበት የደረሱ ሰዎችን አይቻለሁ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም በእነዚህ ስድስት ወራት የሚተዉት ለዚሁ ነው። ጉበቱ ሲያገግም መድኃኒቱ አንድ በአንድ እየተፈተነ ስለሚመለስ ማቆም ማለት ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም።

ኢታምቡቶል የሚጎዳው ዓይንን ነው፤ ምልክቱም መጀመሪያ ላይ ቀይና አረንጓዴን መለየት ማቃት ወይም የጭጋግ እይታ ነው። እህቱ በየሁለት ሳምንቱ ቀይና አረንጓዴ ክር ይዛ፣ አንዱን ዓይኑን አስከድና ከዚያ ሌላውን፣ ብትጠይቀው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለውጥ ካለ መድኃኒቱ ቆሞ ወዲያው ይታያል። ይህ ሥጋት በዋናነት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ ነሐሴ 6 ላይ ኢታምቡቶሉ ይወጣል።

የእግር መዳፍ ማቃጠልና መደንዘዝ የአይሶናያዚድ ሥራ ነው፤ ቫይታሚን ቢ6 ያስታግሰዋል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከመጀመሪያው መከላከያ ሊሰጠው ስለሚገባ ካልተሰጠው መጠየቅ ነው። ገበያ ላይ ከሚሸጡ ከፍተኛ መጠን ካላቸው ቫይታሚኖች ገዝቶ መጨመር ግን አይገባም። የመገጣጠሚያ ሕመም ከፓይራዚናማይድ ስለሚመጣ በማስታገሻ ይታለፋል። ሽፍታ ከትኩሳት፣ ከአፍ ቁስል ወይም ከቆዳ መላላጥ ጋር ከመጣ ግን ድንገተኛ ሕመም ነው። በፒል ወይም በክንድ በሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትጠቀም ሴትም ሪፋምፒሲን ስለሚያዳክመው ሌላ ዘዴ እንዲመረጥላት ለባለሙያ ትንገር።

አንድ ሌላ አሳሳች ነገር ይቀራል። ፀረ ኤችአይቪው ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ሰውየው እየተሻለው ሳለ፣ ትኩሳቱ ሊመለስ፣ የአንገቱ እጢ ሊያብጥ፣ ሳሉ ሊብስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው የነቃው የሰውነት መከላከያ ቲቢውን መዋጋት ስለሚጀምር ነው። ታማሚው «አዲሱ መድኃኒት ጣለኝ» ብሎ እንዳያቆም አስቀድሞ ይነገረው፤ መድኃኒቱን ሳያቆም ወደ ክሊኒክ ሄዶ ይታይ። የትንፋሽ እጥረት ወይም የራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ አንድ ሌሊት እንኳን አይታደርም።

መድኃኒት ማምጣት፤ የጳጉሜንና የመስቀል ነገር

ነሐሴ 6 ላይ ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን ይመጣል። ኪኒኑ መልኩን ይቀይራል፣ የመቀበያው ጊዜም ከሳምንታዊ ወደ ወርሃዊ ይረዝማል። አክታው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ይመረመራል፤ ውጤቱ ነጻ ሲሆን፣ ሰውየው ክብደት ጨምሮ ሳሉ ሲተወው፣ «የቀረው ለጥንቃቄ ነው» የሚል ስሜት ይገባዋል። ያን ጊዜ የሞቱት በፍጥነት የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ያንቀላፉት ግን አሉ፣ አራቱ ወር የሚያስፈልገውም ለእነርሱ ነው። አክታው በአምስተኛው ወርና በመጨረሻው እንደገና ይታያል፤ በአምስተኛው ወር ባክቴሪያ ከተገኘ ሕክምናው እንዳልሠራ ተቆጥሮ መድኃኒት መላመዱ ይመረመራል።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንመለስ። የቲቢው መድኃኒት ብዙ ጊዜ በ28 ቀን ይታደላል። ነሐሴ 6 የተሰጠው 84 ኪኒን በቀን ሦስት ሲወሰድ ጳጉሜን 3 ያልቃል። የፀረ ኤችአይቪው ደግሞ በ30 ይታደላል፤ ሰኔ 22 የተቀበለው ሐምሌ 21፣ ሐምሌ 22 የተቀበለው ነሐሴ 21 ያልቃል፣ ነሐሴ 22 ደግሞ እንደገና ይቀበላል። እስካሁን «በየወሩ 22» የሚለው ልማድ ሠርቷል፤ የእኛ ወር 30 ቀን ነውና። ከነሐሴ 22 በኋላ ግን ጳጉሜን አለ። ከነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ከጳጉሜን አምስት፣ የቀረው 16 ከመስከረም ነው፤ መድኃኒቱ መስከረም 16 ያልቃል። ሰውየው መስከረም 22ን ቢጠብቅ ለአምስት ቀን ባዶ ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ባዶው ስድስት ቀን ነው። በዚያ ላይ መስከረም 17 መስቀል ነው፤ ክሊኒኩ ይዘጋል፣ ሰውየውም ምናልባት አገር ቤት ሄዷል።

ስለዚህ የቀጠሮን ቀን በወር ስም አይያዙ፤ ኪኒን ቆጥረው፣ የመጨረሻው ኪኒን የሚያልቅበትን ቀን ፈልገው፣ ከዚያ አምስት ቀን ወደኋላ ይቁጠሩ። ያ ነው የመሄጃው ቀን። እህቱ ነሐሴ 28 ለቲቢው መድኃኒት ስትሄድ ሁለቱም በአንድ ቀን እንዲሰጡ ጠየቀች። በእጃቸው እስከ መስከረም 16 የሚበቃ ነበር፤ ሌላ 30 ቀን ሲጨመርበት እስከ ጥቅምት 16 አደረሳቸው፣ መስቀልም በሰላም አለፈ። ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድ ክፍል የሚሰጡበት ተቋም ካለ ይህ ጥያቄ አያስቸግርም፤ በተለያየ ክፍል ከሆነ ግን ካልጠየቁ ማንም አያስተባብርላችሁም።

ማስታወሻው ሁለት ጊዜ ይላክ፤ አንዱ ከአምስት ቀን በፊት፣ ሌላው በዋዜማው ማታ። «ነገ ዕቃውን እንቀበል» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። ጉዞ ካለ ከጉዞው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ለክሊኒኩ ይነገር፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ወይም ወደሚሄድበት አካባቢ የሚወሰድ የዝውውር ወረቀት ይሰጣል። ጸጥታ በሚደፈርስበት አካባቢ የአምስት ቀኑን ትርፍ ወደ ሁለት ሳምንት ማሳደግ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ጸበልና ጾም

ጸበል የሚሄድን ታማሚ አትሂድ ማለት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሁለቱንም መደበቅን ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ደጋፊው ታማሚውን ከንስሐ አባቱ ጋር ይዞ ቢነጋገር በክሊኒክ የሚሰጥ አሥር ምክር ያህል ይሠራል። ጸበል ቦታ የሚከርም ሰው የሚቆይበትን ቀን ያህል ኪኒን ከአምስት ቀን ትርፍ ጋር ይያዝ። የጠዋቱ መድኃኒት ምግብ ስለማይፈልግ ለጾም አያስቸግርም፤ በውኃ መዋጡ ግን ለሚጾመው ሰው ጥያቄ ስለሚሆን አስቀድሞ ከአባቱ ጋር ይቋጭ። በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ የማለዳውን በሱሁር፣ የማታውን በኢፍጣር ሰዓት ቢያደርገው ልዩነቱ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የአይረን ወይም የካልሲየም ኪኒን እንዲሁም የጨጓራ ማስታገሻ የዶሉቴግራቪርን መመጠጥ ስለሚከለክሉ ዶሉቴግራቪሩ ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ።

ኅዳር 22 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት

የቲቢው መጨረሻ ቀን ደስታ ስላለው አደገኛ ነው። ሁለት ስህተት ይሠራል፤ አንዱ ከቲቢው ጋር ሁሉንም ማቆም፣ ሌላው የማታውን ዶሉቴግራቪር በዚያው ቀን መተው። ጥምሩ ኪኒን የዕድሜ ልክ ነው፤ የማታው ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 6 ይቀጥላል። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ሲቀበሉ ለእነዚያ 14 ማታዎች የሚበቃ ዶሉቴግራቪር በእጅ መኖሩን ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እርሱ ነው።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ፣ ፀረ ኤችአይቪው ከተጀመረ ስድስት ወር ሲሆነው፣ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ይመረመራል። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ወዲያው አይቀየርም፤ በየወሩ የምክር አገልግሎት እየተሰጠ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። የእህቱ ደብተር ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው፤ ሰባቱ ማታዎች መቼ፣ በምን ምክንያት እንደተዘለሉና መቼ እንደተስተካከሉ ስለሚያሳይ ባለሙያው ችግሩ ከመድኃኒቱ ይሁን ከአወሳሰዱ በግምት አይፈርድም።

ታኅሣሥ 7 ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ኪኒን ብቻ ይወሰዳል። በስልኩ ላይ ያለው የ18:15 ማስታወሻ በዚያ ቀን ይጥፋ፤ የ07:30ው ይቆይ። የተረፈ የቲቢ ኪኒን ቤት ውስጥ ለሚያስለው ሰው እንዳይሰጥ ወደ ክሊኒኩ ይመለስ።